የፍሪጄ የወር ሒሳብ፦ ከጀርባው ወረቀት እስከ ቆጣሪው ብልጭታ

ረቡዕ፣ ጥር 3 ቀን 2015

ዛሬ ማታ አከራዬ በሬን አንኳኩተው ገቡና ዓይናቸውን ፍሪጁ ላይ ተከሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ከገባ ወዲህ ቆጣሪው እየበረረ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ለመብራት 150 ብር ትጨምራለህ» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ ግን እስኪ አስልቼ ልንገርዎት» አልኳቸው። «ምኑ ይሰላል? የሰፈሩ ዋጋ ነው» ብለው ወጡ።

ቤቴ አንድ ክፍል ሰርቪስ ናት። ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው አንድ ቆጣሪ ነው፤ እሳቸው በዋናው ቤት፣ እኔና ሌላ አንድ ተከራይ በሰርቪሱ። ፍሪጁን ያገለገለ ገዝቼ ያስገባሁት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ፍሪዘሩ ከላይ፣ በረዶውን ራሱ የማያቀልጥ ዓይነት። 150 ብሩ ልክ ይሁን አይሁን ስለማላውቅ ልከራከርም ልከፍልም አልቻልኩም። ስለዚህ ላሰላው ነው፤ የማደርገውንም እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ።

ከመተኛቴ በፊት ፍሪጁን ከግድግዳው አራቅኩና በባትሪ ጀርባውን አየሁ። ከሞተሩ በላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው ይነበባል፦ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 130 ዋት፣ 0.9 አምፔር። በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ የሚናገር መስመር የለውም። ቢኖረው ኖሮ ሥራው ግማሽ ባለቀ ነበር። (ወረቀቱ ከጀርባ ያላገኛችሁ ውስጡን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከአትክልቱ መሳቢያ ጎን ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።)

ሐሙስ፣ ጥር 4

የመጀመሪያው ሒሳብ ማንም የሚያደርገው ነው። 130 ዋቱን በ24 ሰዓት፣ ከዚያ በ30 ቀን አባዝቼ ለ1000 አካፈልኩ፦

```
130 × 24 × 30 ÷ 1000 = 93.6 ኪሎዋት ሰዓት በወር
```

በ2015 በነበረው ታሪፍ፣ የወር ፍጆታው ከ201 እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ መኖሪያ ቤት የሚያርፍበት እርከን ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ነበር። ባለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ግቢ ስለሆንን እዚያ ውስጥ እንደምንሆን ገምቻለሁ፤ ቢሉን ሳይ አረጋግጣለሁ። በዚህ ዋጋ 187 ብር ይመጣል። ያውም ከእትዬ 150 በላይ! ወረቀቱን ላጥፈው ምንም አልቀረኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ኤሌክትሪክ ሥራ ለሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት። እሱ ደግሞ «ዋቱን ተወው፣ አምፔሩን ያዝ» ብሎ 0.9ን በ220 አባዛና 198 ዋት አወጣልኝ። በዚያ ስሌት ወሩ ወደ 285 ብር ሊጠጋ ነው። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የእሱ መንገድ ለምጣድ ወይም ለካውያ እንጂ ለሞተር አይሆንም። ሽቦ ብቻ የሚያግል ዕቃ የሚስበውን አምፔር በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሞተር ግን ከሚስበው ከፊሉ በመስመሩ ላይ እየሄደ የሚመለስ እንጂ ሥራ የሚሠራ አይደለም። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው ሥራ የሠራውን፣ ማለትም ዋቱን ነው። አምራቹ ራሱ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፎታል፤ 198 ሳይሆን 130 ያለው ለዚህ ነው። አምፔሩ የሚጠቅመው ለሽቦና ለፊውዝ መምረጫ ነው።

ሁለታችንም የሳትነው ሌላ ነገር አለ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ቴርሞስታቱ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ያጠፋዋል፣ ሲሞቅ ያስነሳዋል። ስለዚህ 24 ሰዓት ያልኩት ቦታ ላይ መግባት ያለበት ሞተሩ በእርግጥ የሠራባቸው ሰዓቶች ድምር ነው። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ሊነግረኝ አይችልም፤ በቤቱ ሙቀት፣ በበሩ አከፋፈትና በምናስገባው ነገር ይወሰናልና። ቁጭ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

ዓርብ፣ ጥር 5

ከሥራ እንደገባሁ ጀመርኩ። ፍሪጁ ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ ስለሚርቅ መስማት ቀላል ነው፤ ሲነሳ «ቀጭ» ይልና ያጉረመርማል፣ ሲያቆም ሙሉ ክፍሉ የተነቀነቀ ያህል ይንገጫገጭና ጸጥ ይላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አራት ዙር ያዝኩ። በአማካይ 15 ደቂቃ ሠርቶ 15 ደቂቃ ያርፋል። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው።

በዚህ ደስ ብሎኝ ወሩን ላሰላ ስል አንድ ነገር ከለከለኝ። ይህ ሰዓት እኮ እራት የማበስልበት፣ በሩን አሥር ጊዜ የምከፍትበት፣ ትኩስ ወጥ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብዬ የምጨምርበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ማን ይከፍተዋል? የሁለት ሰዓት ምሽት ለሃያ አራት ሰዓት ምስክር አይሆንም።

ሌሊቱን ነቅቼ መቁጠር ስለማልችል ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ ፍሪጁ ጎን አስደግፌ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ከሁለት ሰዓት በኋላ የስልኩ ማከማቻ ሞልቶ ቀረጻው ቆሟል። ይሁን።

ቅዳሜ ማታ ጥር 6 እና እሑድ ጥር 7

ቪዲዮዎቼን አጥፍቼ ቦታ ለቀቅኩ፣ የመቅጃውን ጥራት ወደ ዝቅተኛው አወረድኩ፣ ስልኩን በረራ ላይ አድርጌ ቻርጀር ሰካሁለት። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለችግር ቀዳ። ሰባት ሰዓት ድምፅ ማዳመጥ አያስፈልግም፤ መቅጃው የሚሥለው የድምፅ መስመር ሞተሩ ሲሠራ ይወፍራል፣ ሲያርፍ ክር ይሆናል። የወፈሩትን ቦታዎች መጀመሪያና መጨረሻ ደቂቃ ብቻ ጻፍኩ። ጠርጥሬ ያዳመጥኩት አንድ ወፍራም ቦታ የጎረቤት ውሻ ነበር።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤት ውዬ በወረቀት ያዝኩ፤ ልብስ አጠብኩ፣ አነበብኩ፣ እንደ ወትሮው አበሰልኩ። ሆን ብዬ በሩን ከመክፈት አልተቆጠብኩም፤ እንደ ወትሮው የማልጠቀምበትን ፍሪጅ ብለካ ምን ይጠቅመኛል? ውጤቱ ይህ ነው፦

ሌሊቱን፣ ከ5 እስከ ንጋቱ 12፣ ሞተሩ 12 ጊዜ ተነስቶ በድምሩ 132 ደቂቃ ሠራ። ከ420 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ 31 በመቶ።

ቀን፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 11 ሰዓት፣ ከ660 ደቂቃ ውስጥ 264 ደቂቃ ሠራ። 40 በመቶ።

ምሽት፣ ከ11 እስከ 5 ሰዓት፣ ከ360 ደቂቃ ውስጥ 180። የዓርቡ ግማሽ በግማሽ እዚህ ጋ እውነት ነበር።

ድምሩ በ24 ሰዓት ውስጥ 576 ደቂቃ፣ ማለትም 9 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ወይም 9.6 ሰዓት ነው። ከቀኑ 40 በመቶ። በዓርቡ ግምት ብሄድ ኖሮ 12 ሰዓት ብዬ ሒሳቡን በሩብ አሳብጠው ነበር፤ ሌሊቱን ብቻ ይዤ ባሰላ ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህል አጎድለው ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 8

```
130 × 9.6 × 30 ÷ 1000 = 37.4 ኪሎዋት ሰዓት በወር
37.4 × 2 ብር = 74.80 ብር
```

ከ187 ወደ 75 ወረደ። ይህን ይዤ ወደ እትዬ ከመሄዴ በፊት ግን ቢሉን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ሁለት አወጡልኝ። ፍሪጁ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ወር 214 ኪሎዋት ሰዓት፣ የመጨረሻው 258።

ይህ ትንሽ ወረቀት ከምጠብቀው በላይ ረዳኝ። አንደኛ፣ ግቢያችን ፍሪጁ ኖረም አልኖረም ያው ከ201 እስከ 300 ባለው እርከን ውስጥ ስለሆነ 2 ብሩ ልክ ነው። የቢሉን ጠቅላላ ብር ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሎ አማካይ መያዝ ያሳስታል፤ ፍሪጁን ብነቅለው የሚጎድለው በእርከናችን ዋጋ ነውና በዚያ ዋጋ ነው መታሰብ ያለበት። ወርኃዊው የአገልግሎት ክፍያም ፍሪጅ ኖረ አልኖረ ስለማይለወጥ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ጭማሪው በሙሉ 44 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በመካከሉ የገና በዓል አለ፣ ምጣዱ ከወትሮው በላይ ሠርቷል። እንግዲያው የመጀመሪያው 93.6 ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነበር፤ ጭማሪው ሁሉ የእኔ ቢሆን እንኳ ከ44 አያልፍም።

ግን 37.4ቱ በ130 ዋት ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱ የጻፈው ዋት አምራቹ በከበደ ሁኔታ የሞከረበት ነው እንጂ በጥር ወር አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል የሚሠራ ሞተር የሚስበው ላይሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ግን የግቢው ሁሉ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 10፣ ከተራ

ከሰዓት በኋላ ግቢው ባዶ ሆነ። እትዬና ልጆቻቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ታቦት ሊሸኙ ወጡ፣ ሌላኛው ተከራይ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ትናንት አስፈቅጃቸው ነበር፤ «የእኔን ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታቆየው፣ ለነገ የተዘጋጀ ሥጋ አለ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ዋናው ቤት ገብቼ ፍሪጃቸውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹን፣ የተረሳ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር ነቀልኩ። ምጣዱን ከማብሪያው አጠፋሁ። ከእኔ ፍሪጅ በቀር የሚሠራ ነገር እንዳይኖር ነው። ለማረጋገጥ ፍሪጄንም ነቅዬ ቆጣሪው ፊት አሥር ደቂቃ ቆምኩ፤ ቀይዋ ነጥብ አንዴም አላበራችም። ጥሩ።

የዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለች። ከአጠገቧ የተጻፈውን አንብቡ፤ የእኛ ላይ `1600 imp/kWh` ይላል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲቆጠር 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ቆጣሪም አለ፤ የራሳችሁን ያዙ። 1000 ዋት ሰዓትን ለ1600 ሳካፍል እያንዳንዷ ብልጭታ 0.625 ዋት ሰዓት ናት።

ፍሪጁን መልሼ ሰካሁና ሞተሩ የተለመደ ዙሩን እስኪይዝ ሁለት ዙር አለፍኩ፤ ልክ እንደተሰካ የሚስበው የተለመደው አይደለም። ሦስተኛው ዙር ሲነሳ ቆጠርኩ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ብልጭታዎቹ ተቀራርበው በየ16 ሰከንዱ ይመጡ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ወደ 21 ሰከንድ ተራራቁ። ሁለት ብልጭታ ብቻ ለክቶ ማባዛት የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ሙሉውን ዙር መቁጠር ይሻላል። በ14 ደቂቃ ውስጥ 41 ብልጭታ።

```
41 × 0.625 = 25.6 ዋት ሰዓት
25.6 ÷ 14 × 60 = 110 ዋት (ሲጠጋጋ)
```

ከ130 በታች ነው፤ እንደጠበቅኩት። ሞተሩ ቆመ፤ ወደ ቤት ልገባ ስል ነጥቧ ብልጭ አለች። ሞተሩ ጸጥ ብሏል፣ የፍሪጁ በር ዝግ ነው፣ አምፖሉም አይበራም። ከአራት ደቂቃ ጥቂት በኋላ እንደገና ብልጭ። በእረፍቱ ጊዜ አምስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ በመካከላቸው ወደ 250 ሰከንድ ገደማ አለ። በሰዓት 14.4 ብልጭታ ያህል ነው፤ 9 ዋት።

ለጥቂት ጊዜ የሆነ መስመር የሚያፈስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ስታቢላይዘሩ። ፍሪጁ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይደለም የተሰካው፤ ሻጩ «ያለ ስታቢላይዘር እንዳትሰካው» ብሎኝ የገዛሁት ሳጥን በመካከል አለ። በእጄ ስነካው ለብ ይላል። ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ፍሪጁ ሠራ አረፈ ሳይል ሌት ተቀን ይስባል። ቅድም ፍሪጁን የነቀልኩት ከግድግዳው ስለነበረ ሳጥኑም አብሮ ጠፍቶ ነው ነጥቧ ያላበራችው።

እንግዲህ ሞተሩ ሲሠራ ያየሁት 110 ውስጥ 9ኙ የሳጥኑ ነው፤ የፍሪጁ ራሱ 101 ነው። አዲሱ የቀን ሒሳብ፦

```
ፍሪጅ፦       101 × 9.6 = 970 ዋት ሰዓት
ስታቢላይዘር፦  9 × 24   = 216 ዋት ሰዓት
ድምር፦       1186 ዋት ሰዓት በቀን
በወር፦       35.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ 71 ብር
```

ከሰኞው 75 ብዙም አይርቅም። ግን መቀራረቡ አጋጣሚ ነው። ወረቀቱ ዋቱን አብዝቶ ነገረኝ፣ እኔ ደግሞ ስታቢላይዘሩን ረሳሁ፤ አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው። ስታቢላይዘር የሌለው ሰው በወረቀቱ ዋት ቢሄድ 29 በመቶ ያህል አብዝቶ ያወጣ ነበር።

የእትዬን ፍሪጅ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልሼ ሰክቻለሁ።

ከቅዳሜ ጥር 13 እስከ ቅዳሜ ጥር 20

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ጓደኛዬ ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ አዋሰኝ። በግድግዳውና በስታቢላይዘሩ መካከል ሰካሁት፤ ሁለቱንም አብሮ እንዲቆጥር። ከዚያ ለሳምንት ረሳሁት።

ማክሰኞ መብራት ለአራት ሰዓት ያህል ጠፋ። አንድ ነገር እንደምቆጥብ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሲመጣ ግን ሞተሩ ተነስቶ 70 ደቂቃ ሳያርፍ ሠራ፤ ያልሠራውን ሰዓት ከፊሉን አካክሶታል። በእንደዚህ ዓይነት ቀን የተያዘ የደቂቃ ቆጠራ ለወር ሒሳብ አይሆንም። እሑድ ጥር 7 መብራት ስላልጠፋ ዕድለኛ ነበርኩ።

በሰባት ቀን መለኪያው 8.5 ኪሎዋት ሰዓት አሳየ። በቀን 1.21፣ በወር 36.4፣ በብር ወደ 73። በጆሮና በብልጭታ ያገኘሁት 35.6 ነበር። ልዩነቱ ከሦስት በመቶ በታች ነው፤ ለአንድ ቀን ቆጠራ ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

እሑድ፣ ጥር 21

ወረቀቴን ይዤ ወደ እትዬ ሄድኩ። ቡና ላይ ነበሩ። የ44ቱን ኪሎዋት ሰዓት ነገር ከራሳቸው ቢል ላይ ሳሳያቸው ዝም አሉ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ «እሺ፣ 75 አድርገው» አሉኝ። ሁለት ብሩን የቡና ብለን ተውነው። ከዚያ ቀጠሉና «ይሄ ቆጠራህ የእኔንም ያያል?» አሉ።

የእሳቸው ያረጀ ባለ አንድ በር ነው። ወረቀቱ ላይ 150 ዋት ይላል። ቡናው ላይ ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ሰማነው፤ 52 ደቂቃ ሠራ፣ 8 ደቂቃ ብቻ አረፈ። በሩን ስከፍት የጎማው ታችኛ ጥግ ተቀዷል። የአሥር ብር ኖት በሩ ላይ አስቀምጬ ዘጋሁና ሳብኩት፤ ከላይ ይዞ አስቸገረ፣ ከታች እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ወጣ። በዚያች ክፍተት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲገባ ይውላል፣ ፍሪዘሩ ላይ ከአውራ ጣት የወፈረ በረዶ የጋገረውም እሱ ነው። በረዶው ራሱ ቅዝቃዜውን ከልሎ ሞተሩን ያደክማል።

መለኪያውን ገና ስላልመለስኩ እዚያ ሰካሁት፦ ሲሠራ 132 ዋት። ከ60 ደቂቃ 52 ማለት በቀን 20.8 ሰዓት ነው፤ በወር 82 ኪሎዋት ሰዓት፣ 165 ብር ገደማ። የአንድ ሰዓት ቆጠራ ስለሆነ አልተማመንኩበትም፤ እስከ ማግስቱ ትቼው መለኪያው 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። ያው ነው። ቆጣሪውን ሲያበር የነበረው የማን ፍሪጅ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል፤ ማናችንም አልተናገርንም።

እሑድ፣ የካቲት 5

የእትዬ ጎማ ተቀየረ። በረዶውም ቀለጠ (በቢላዋ ሊፍቁት ሲሉ ደረስኩ፤ ከስስ አልሙኒየሙ በስተጀርባ ጋዙ የሚሄድበት ቱቦ አለ፣ ከተበሳ ፍሪጁ አለቀለት)። ከሁለት ቀን በኋላ ሳዳምጥ ሞተሩ በሰዓት 33 ደቂቃ ነው የሚሠራው። በወር ወደ 52 ኪሎዋት ሰዓት፣ 105 ብር።

የእኔንም በረዶ አቀለጥኩ፤ ጣት የማያህል ነበር። እንደገና ሙሉ ቀን ስቆጥር ከ40 በመቶ ወደ 34 ወርዷል። በብር 9 ብር ያህል ነው። ስታቢላይዘሩ ብቻውን በወር 13 ብር ይበላል፤ ሊነቀል የሚገባው እሱ ይመስላል። ግን አልነቅለውም። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲያበራ አምፖሌ ይደበዝዛል፤ ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩ መነሳት አቅቶት እያጉረመረመ ይቆያል፣ ከዚያ መከላከያው «ቀጭ» ብሎ ያጠፋዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይሞክራል። እንዲህ እየሞከረ የተቃጠለ ሞተር ዋጋ ከዓመታት 13 ብር ይበልጣል።

ይህን ዘዴ ለሌላ ፍሪጅ ለሚጠቀም ሁለት ነገር ልጻፍ። ጎረቤታችን ኖ ፍሮስት አላቸው፤ የእሳቸውን ብልጭታ ስንቆጥር ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ነጥቧ ከወትሮው ይልቅ መፍጠን ጀመረች። በረዶ የሚያቀልጠው ማሞቂያ ነው፤ በየተወሰነ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይበራል፣ በጆሮም አይሰማም። ስለዚህ በሞተር ድምፅ ብቻ ካሰላን ለኖ ፍሮስት ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ኢንቨርተር ለተባሉት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ሞተራቸው ከመነሳትና ከመቆም ይልቅ ፍጥነቱን እየቀነሰና እየጨመረ ቀኑን ሙሉ ሊሠራ ይችላል፣ ዋቱም አብሮ ይለዋወጣል። ለእነሱ የሶኬት መለኪያ ወይም የቆጣሪ ብልጭታን ለብዙ ሰዓት መቁጠር ነው መፍትሔው።

ሌላው ወቅቱ ነው። እኔ የለካሁት ጥር ላይ ነው፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ያንኑ የደቂቃ ቆጠራ በስልክ አስደርጌያት ከሰዓት በኋላ በሰዓት 44 ደቂቃ አገኘች፤ ፍሪጇ ደህና ነው፣ ጎማውም ይዟል። ቤቱ ነው የሚሞቀው። የእኔንም ሚያዝያ ላይ እደግመዋለሁ።

የተጨመረ፣ ሚያዝያ 2015

ደገምኩት። ቀኑ ሲሞቅ 34 የነበረው 43 በመቶ ሆኗል። 101 ዋቱን በ10.3 ሰዓት፣ ከሳጥኑ 216 ጋር፣ በወር 37.7 ኪሎዋት ሰዓት። 75 ብሩ አሁን ልክ ሆነ፤ እትዬ ሁለት ብራቸውን ጨርሰው አገኙ።

የተጨመረ፣ ኅዳር 2017

ከመስከረም 2017 ጀምሮ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል፣ ዋጋውም በየጊዜው ከፍ እንዲል ተደርጎ ነው የወጣው። ስለዚህ ከላይ 2 ብር ያልኩት ቦታ ሁሉ አልፎበታል። ኪሎዋት ሰዓቱ ግን እንዳለ ነው፤ በእያንዳንዱ ወር ቢል ላይ ያለውን የእርከኑን ዋጋ አውጥቼ በ36 አባዛለሁ። የእትዬ ልጅ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ፣ ከቆጣሪው ጎን፣ በእርሳስ ጽፋዋለች፦ «የሰርቪሱ 36፣ የኛ 52»።